መጀመሪያ መብራቱን እዩ፦ 25፣ 50 እና 100 ፍሬም ስቀርፅ የምከተለው መንገድ

ሠርግና ድግስ የሚቀርፁ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ፊልም እንዲመስል ስንት ፍሬም ላድርገው?» እያሉ ነው። እኔም ቁጥር ከመናገሬ በፊት መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ የምትቀርፁት የት ነው? በምን መብራት ነው? ቪዲዮው በመጨረሻ የሚታየው በመደበኛ ፍጥነት ነው ወይስ ቀዝቅዞ? እነዚህ ከተመለሱ ቁጥሩ ራሱን ይመርጣል። እዚህ የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ ስቀርፅና ኤዲት ሳደርግ የኖርኩበትን አሠራር ነው። አዳራሽ፣ መናፈሻ፣ እስክስታ፣ የቡና ሥነ ሥርዓት፣ ሁሉንም በሦስት ቁጥሮች እወጣቸዋለሁ።

ሁለቱን ነገሮች ለይተን እንነሳ። ፍሬም ሬት ማለት ካሜራው በአንድ ሰከንድ የሚያነሳቸው ምስሎች ብዛት ነው። ሸተር ደግሞ እያንዳንዱ ምስል ሲነሳ ሴንሰሩ ለምን ያህል ጊዜ ብርሃን እንደሚቀበል ይወስናል። 25 ፍሬም ላይ ሆናችሁ ሸተሩን 1/50 ብታደርጉት፣ ካሜራው በሰከንድ 25 ምስል ያነሳል፤ እያንዳንዱም ምስል የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ያህል እንቅስቃሴ ይይዛል። በዚያች ቅጽበት የተወዛወዘ እጅ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ይህ መደብዘዝ ጥፋት አይደለም። አንዱን ምስል ከሚቀጥለው ጋር የሚያያይዘውና ዓይን እንቅስቃሴውን እንደ አንድ ወጥ ነገር እንዲቀበለው የሚያደርገው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ሕግ የሸተሩ ቁጥር የፍሬሙ እጥፍ ይሁን የሚለው ነው፤ ለ25 ፍሬም 1/50፣ ለ50 ፍሬም 1/100፣ ለ100 ፍሬም 1/200። ሕጉ ትክክል ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን አዳራሽ ውስጥ ከእሱ የሚቀድም ሌላ ነገር አለ፤ እሱም መብራቱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሶኬት የምናገኘው ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ኃይሉ ሁለት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ከዚያ መስመር የሚበራ ተራ ፍሎረሰንት ወይም ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራው ግን ያየዋል። ሸተሩ 1/100 ሲሆን እያንዳንዱ ምስል አንድ ሙሉ የድምቀትና የድብዘዛ ዙር ይቀበላል። 1/50 ሲሆን ሁለት ሙሉ ዙር ይቀበላል። ሁሉም ምስል እኩል ብርሃን ስላገኘ ቪዲዮው ንጹሕ ይሆናል። 1/60 ላይ ግን እያንዳንዱ ምስል የሚያገኘው አንድ ዙርና የሌላውን ሁለት ሦስተኛ ነው፤ አንዱ ምስል ደማቁን ጎን ያገኛል፣ ሌላው ደብዛዛውን። አብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነቡት፣ ልዩነቱ አግድም የተዘረጋ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፤ መስመሩም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ለዚህ ነው አዳራሽ ስገባ የሸተር ምርጫዬ በሁለት ቁጥሮች የሚወሰነው፤ 1/50 ወይም 1/100። የፍሬሙን ቁጥር ከእነሱ ጋር የሚስማማውን እመርጣለሁ።

ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ይህን የሚያፋልሰው ከፋብሪካ ሲወጣ NTSC ላይ ተደርጎ ስለሆነ ነው። እዚያ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ነው፤ ምርጫዎቹም 24፣ 30፣ 60 እና 120 ናቸው። አውሮፓም፣ እስራኤልም፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስም እንደኛ 50 ኸርዝ ስለሆኑ ከዱባይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ 25፣ 50 እና 100 ፍሬም በሚሰጠው PAL ላይ ነው፤ ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ናት። ስለዚህ ዲሲ ወይም ጅዳ የሚቀርፅ ሰው እዚህ የምጽፈውን 1/50 ወደ 1/60፣ 1/100ን ወደ 1/120 ይለውጠው። አዲስ አበባ፣ ቴል አቪቭ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው እንዳለ ይውሰደው።

አንድ ሠርግ ላይ ይህ ጉዳይ በግልጽ የታየበትን ልንገራችሁ። ዋናውን ቀረፃ የያዝነው እኛ ነበርን። የሙሽራው የአክስት ልጅ ደግሞ ከቨርጂኒያ ጥሩ ካሜራ ይዞ መጥቶ የራሱን ይቀርፅ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሙሽራው ፋይሉን ይዞልኝ መጣ። «ወንድሜ፣ እሱ ከመድረኩ ጎን ሆኖ የያዘው የእስክስታው ቦታ አለ፤ እባክህ ከእናንተው ጋር አብረህ አስገባልኝ» አለኝ። አቀማመጡ በእውነት ከእኛ የተሻለ ነበር፤ የሙሽሪትን ትከሻና የእናቷን ፊት በአንድ ምስል ይዞታል። ካሜራው ግን 60 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/125 ላይ ነበር። ነጩ ቬሎ ላይ ሁለት ሰፋፊ ግራጫ መስመሮች ይተላለፋሉ። ፍሬም በፍሬም እያንቀሳቀስኩ ሳየው መስመሮቹ በየሦስተኛው ፍሬም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ይህ የሆነው በ60 ፍሬም ሦስት ምስል በሚነሳበት ጊዜ ውስጥ የእኛ መብራት ልክ አምስት ጊዜ ስለሚደምቅ ነው። በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ያለውን የዲፍሊከር ኢፌክት ሞከርኩበት። ግድግዳውና መጋረጃው ላይ መስመሩ በጣም ቀነሰ። የሚንቀሳቀሰው ትከሻና ቬሎ ላይ ግን ኢፌክቱ ጎረቤት ፍሬሞችን እያቀላቀለ የጥላ ቅሪት ትቶ አለፈ። በመጨረሻ ሦስት አጫጭር ቦታዎችን ብቻ፣ ሙሽሪት ጨለማው መጋረጃ ፊት ያለችበትን መርጬ አስገባሁ።

ያ ሰው ካሜራውን 60 ፍሬም ላይ እንደያዘ ሸተሩን ብቻ 1/100 ቢያደርገው ኖሮ መስመሩ አይኖርም ነበር። ይህን ማወቁ ጠቃሚ ነው። መስመር የሚያመጣው በዋናነት የፍሬሙ ቁጥር ሳይሆን ሸተሩ ነው። 24 ፍሬምን የሚወድ ሰው እዚህ አገር 24 ፍሬም በ1/50 ቢቀርፅ ንጹሕ ያገኛል። በ1/48 ከቀረፀ ግን ቀለል ያለ መርገብገብ ሊያይ ይችላል። 30 ፍሬም በ1/50ም ንጹሕ ነው። ከዚህ ሊያመልጥ የማይችለው 120 ፍሬም ነው። በሰከንድ 120 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ሸተሩን ከ1/120 በላይ ሊያቆየው አይችልም፤ የሚቀጥለው ምስል ጊዜ ደርሷልና። 1/120 ደግሞ ከአንድ ሙሉ የመብራት ዙር ያነሰ ነው። ስለዚህ በእኛ መስመር በሚረገበገብ አምፖል ሥር 120 ፍሬምን ንጹሕ የሚያደርግ ሸተር የለም። 100 ፍሬም ግን በ1/100 ይቻላል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ምስል ልክ አንድ ዙር ይይዛል። እኛ አገር ለሚሠራ ሰው ካሜራውን ወደ PAL መመለስ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

መመለሱም ቀላል ነው፤ ግን ድግሱ ቀን የሚደረግ አይደለም። ብዙዎቹ የሶኒ ካሜራዎች NTSC/PAL የሚለው ምርጫ ሲቀየር ካርዱን ፎርማት አድርጉ ይላሉ፤ የተቀረፀ ነገር ካለ ይጠፋል። እኔ ከዋዜማው ቀን በፊት፣ ካርዱ ባዶ ሆኖ፣ ከቡድኑ ጋር ያሉትን ካሜራዎች ሁሉ አንድ ላይ ደርድሬ እቀይራለሁ። አይፎን ለሚጠቀሙ ደግሞ በSettings ውስጥ Camera ከዚያ Record Video ስትገቡ Show PAL Formats የሚል አለ፤ እሱን ስታበሩት 25 ፍሬም ይመጣል።

አሁን ወደ መደበኛው እንቅስቃሴ ልሂድ። የሽማግሌዎች ምርቃት፣ ቃል ኪዳን፣ ንግግር፣ ኬክ ቆረጣ፣ ሰው ሲሳሳም፣ ይህ ሁሉ በ25 ፍሬም፣ በ1/50 ነው የሚቀረፀው። ታይምላይኔም 25 ነው። የ24 ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሲኒማ 24 ፍሬምን የያዘው በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ወደ ፊልም ሲገባ ነው፤ ድምፁ ወጥ ፍጥነት ይፈልግ ነበር። 25 ደግሞ 50 ኸርዝ ባላቸው አገሮች ከቴሌቪዥን የመጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 በመቶ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ለሲኒማ አዳራሽ የሚሄድ ፊልም የምትሠሩ ከሆነ 24 ያዙ። ለሠርግ፣ ለዩቲዩብና ለቴሌቪዥን ግን 25 የሚያሳጣችሁ ነገር የለም፤ 50ና 100 በእኩል ስለሚካፈሉለት በኋላ ኤዲት ላይ ብዙ ያቀልላችኋል።

ስሎው ሞሽን ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ በብዛት የተነሱ ምስሎችን በዝግታ ማሳየት ነው። በ50 ፍሬም የተቀረፀውን በ25 ስታሳዩት ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል። በ100 የተቀረፀው ሩብ ይሆናል፤ ሦስት ሰከንድ የፈጀ ነገር አሥራ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። በ25 የተቀረፀውን ኤዲት ላይ በግማሽ ብታቀዘቅዙት ግን አዲስ ምስል ከየትም አይመጣም። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ያሳየዋል፤ እንቅስቃሴውም ይቆራረጣል። ኦፕቲካል ፍሎው የሚባለው ዘዴ በመሃል የሌለ ምስል ለመፍጠር ይሞክራል። ለቀስታ የሚሄድ ነገር ያግዛል፤ ጣቶችና ፀጉር እርስ በርስ ሲተላለፉ ግን ምስሉ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሚቀዘቅዘውን ነገር ከመቅረፁ በፊት ማወቅ ግድ ነው።

እስክስታን በዝርዝር ላሳያችሁ፤ የሸተርና የፍሬም ምርጫ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው እሱ ላይ ነው። ትከሻ በጣም በአጭር ርቀት በጣም በፍጥነት ይመታል፤ ከትከሻው ጋር ነጠላው፣ ሹሩባው፣ የአንገት ሐብሉ በየራሳቸው ፍጥነት ይከተላሉ። በ25 ፍሬም በ1/50 ስትቀርፁት የትከሻው ጫፍ ይደበዝዛል፤ በመደበኛ ፍጥነት ሲታይ ግን ልክ ነው፤ ጭፈራው ሙቀቱን ይዞ ይመጣል። እንዲቀዘቅዝ ስፈልግ 50 ፍሬም፣ 1/100 እይዛለሁ። በግማሽ ፍጥነት የትከሻው መውጣትና መመለስ ለየብቻው ይታያል፤ የነጠላው ጥለት ይነበባል፤ መስመርም የለም።

በግማሽ ማቀዝቀዝን የምወድበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ሙዚቃው ነው። ጨፋሪው ምቱን ጠብቆ ስለሚሄድ፣ ልክ በግማሽ ስታቀዘቅዙት አንዱ ምት የነበረው እንቅስቃሴ ሁለት ምት ይፈጃል። ያንኑ ዘፈን ከበታቹ በመደበኛ ፍጥነት ብታስገቡና የመጀመሪያውን የትከሻ ምት ከከበሮው ጋር ብታገጣጥሙት፣ ቀጣዩም በየሁለት ምቱ እየገጠመ ይሄዳል። በሩብ ስታቀዘቅዙትም በየአራት ምቱ ይገጥማል። 60 ፍሬምን በ24 ወይም በ25 ታይምላይን ስታስገቡት ግን ፍጥነቱ 40 ወይም 42 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ትከሻው ከከበሮው ጋር ይለያያል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ጭፈራው የተሳሳተ ይመስለዋል። እስክስታ ለሚያውቅ ሰው ይህ በጣም ይታያል። እኔ ትከሻን በሩብ ፍጥነት ከጥቂት ሰከንድ በላይ አላስኬድም። ኃይሉ ይጠፋል፤ ሰውየው የሚጨፍር ሳይሆን ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። 100 ፍሬምን የማስቀምጠው ለዝላይ፣ ለተበተነ አበባ፣ ሙሽሪት ዞር ስትል ለሚነሳው ቬሎ ነው።

ብርሃኑም ዋጋ ያስከፍላል። ሸተሩ በእጥፍ ባጠረ ቁጥር ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። አዳራሽ ውስጥ ሌንሴን f/2.8 ላይ ይዤ በ1/50 አይኤስኦ 1600 ከበቃኝ፣ በ1/100 3200፣ በ1/200 6400 ያስፈልገኛል። ለዚህ ነው አዳራሽ ውስጥ በ100 ፍሬም ስቀርፅ የእጥፉን ሕግ ትቼ 1/100 የምይዘው። መስመር አይመጣም፤ ብርሃኑም በ50 ፍሬም ከነበረው አይቀንስም። መደብዘዙ ትንሽ ይበዛል፤ ነገር ግን በሩብ ፍጥነት ለሚታይ ቬሎ ይህ ለስላሳነት ያምራል። በ100 ፍሬም 1/200 አዳራሽ ውስጥ ብትሞክሩ ሌላ ነገር ታያላችሁ። መስመሩ ከመሮጥ ይልቅ አንድ ቦታ ቆሞ ወይም በጣም በዝግታ እየተንፏቀቀ ይቀመጣል፤ መብራቱና ካሜራው እኩል ስለሚሄዱ ነው። ቆሞ ስለሚገኝ ትንሿ ስክሪን ላይ በቀላሉ የግድግዳ ጥላ ይመስላል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን ያስደነግጣል።

አንዳንድ ካሜራ 100 ፍሬም ሲያነሳ ምስሉን ከዳር ይቆርጣል ወይም 1080 ላይ ብቻ ይፈቅዳል፤ ያንን በቤታችሁ እዩት። የሶኒው S&Q የሚለው ሞድ ደግሞ ቀድሞውኑ አቀዝቅዞ ይሰጣችኋል፤ ድምፅ ግን አይቀዳም። እኔ በተራው ሞድ 50p ወይም 100p ብዬ መቅረፅን እመርጣለሁ፤ እልልታው አብሮ ይቀዳልኛል፤ መቀዝቀዙን በኋላ እወስናለሁ።

መደበኛ ይሁን ወይስ ይቀዝቅዝ ብሎ ለመወሰን ጊዜ በማይሰጥ ቅጽበት፣ ለምሳሌ ሙሽሮች በር ላይ ሲገቡና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳይታወቅ፣ 50 ፍሬም በ1/50 እይዛለሁ። የእጥፉ ሕግ ይህን አይፈቅድም፤ ነገር ግን በጣም ይጠቅማል። በመደበኛ ፍጥነት ማሳየት ከፈለግኩ 25 ታይምላይኑ ከሁለት ምስል አንዱን ይጥላል፤ የቀረው ልክ በ25 ፍሬም በ1/50 እንደተቀረፀ ነው። ማቀዝቀዝ ከፈለግኩም ሁሉም ምስል አለ፤ ትንሽ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ብርሃንም አልተቀነሰብኝም። ቀኑን ሙሉ 50 ፍሬም በ1/100 የሚቀርፁ ባልደረቦች አሉኝ። የእነሱ ሲቀዘቅዝ ያምራል፤ በመደበኛ ፍጥነት ወደ 25 ሲወርድ ግን እጅና እግር ትንሽ ደረቅ ብለው፣ ነጠብ ነጠብ እያሉ ይሄዳሉ።

አሁን ከአዳራሹ እንውጣ። ከምሳ በኋላ ሙሽሮቹን ይዘን እንጦጦ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ስንሄድ የመብራቱ ጉዳይ ያበቃል፤ ፀሐይ አትርገበገብም። እዚህ ችግሩ ይገለበጣል፤ ብርሃኑ ይበዛል። ፊልም የሚመስለው ነገር ብዙ ሰው እንደሚያስበው 24 ፍሬም ስለሆነ አይደለም። 1/50 ላይ የሚገኘው የእንቅስቃሴ ልስላሴ ነው። ጥርት ባለ ፀሐይ አይኤስኦ 100 እና 1/50 ብትይዙ ሌንሱ f/22 አካባቢ ካልተዘጋ ምስሉ ይነጣል። እኔ ግን ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ እንዲደበዝዝ f/2.8 እፈልጋለሁ። በሁለቱ መካከል ስድስት ስቶፕ አለ፤ ማለትም ብርሃኑ ወደ አንድ ስድሳ አራተኛ መቀነስ አለበት። ይህን የሚሠራው ሌንሱ ላይ የሚጠለቀው ኤንዲ ፊልተር ነው። በሎግ ፕሮፋይል የሚቀርፅ ሰው ካሜራው ከአይኤስኦ 800 በታች ካላስወረደው ሦስት ስቶፕ ተጨማሪ ያስፈልገዋል። የሚዞረው ዓይነት ኤንዲ ምቹ ነው፤ ግን እስከ ጥጉ ስታዞሩት በሰፊ ሌንስ ሰማዩ ላይ የመስቀል ቅርፅ ያለው ጥላ ያመጣል፤ ያኔ አንድ ደረጃ መልሱት።

ኤንዲ የሌለው ሰው የሚያደርገው ሸተሩን ወደ 1/1000 ወይም 1/2000 ማሳጠር ነው። ምስሉ ብርሃኑ ልክ ይሆናል፤ ቆሞ ያለ ሰውም ችግር የለውም። መራመድ ሲጀምሩ ግን እያንዳንዱ ምስል ጥርት ብሎ ይቆማል፤ በመሃሉ ያለው ግን ባዶ ነው፤ እግሩ ከቦታ ቦታ የሚዘል ይመስላል። ስልክ ደግሞ የሌንሱ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይለወጥ ፀሐይ ላይ ይህን በራሱ ያደርገዋል። የስልክ ቪዲዮ ደጅ ላይ «የስልክ» የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። Blackmagic Camera የሚባለው ነፃ አፕ ሸተሩን በእጅ እንድትይዙት ይፈቅዳል፤ ትንሽ ኤንዲ ስልኩ ላይ ከተደረገ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሸተሩ ልክ መሆኑን እንዴት እናውቃለን ካላችሁኝ፣ እጃችሁን ሌንሱ ፊት አወዛውዙና ቀርፁት፤ ከዚያ ፍሬም በፍሬም እዩት። በ1/50 ጣቶቹ አንድ ላይ ይሳባሉ። በ1/1000 እያንዳንዱ ጣት ተለይቶ፣ ጥፍሩ ሳይቀር ይታያል። ሁለተኛውን ለመደበኛ እንቅስቃሴ አትፈልጉትም። ለስሎው ሞሽን ግን አንዳንዴ እፈልገዋለሁ፤ ደጅ ላይ ከረከቦት ፊት ቡና ከጀበና ሲቀዳ በ100 ፍሬም በ1/200 ስይዘው የቡናው ቀጭን ጅረት ሲኒው ላይ ሲያርፍና ትናንሽ ጠብታ ሲያነሳ ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሐይ ስላለ ብርሃኑም ይበቃል።

ፊልም መሳይነትን የሚያበላሽ ሌላው ነገር ካሜራውን በችኮላ ማዞር ነው። በ25 ፍሬም ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዞሩ ሸተሩ ልክ ቢሆን እንኳ ዛፎቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ነገር ከምስሉ አንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ለመድረስ ሰባት ሰከንድ ያህል ይፍጅ የሚለው የቆየ የካሜራ ሰዎች መለኪያ ይሠራል። ሙሽሮቹን ተከትላችሁ ስትዞሩ ግን ከዚህ ሊፈጥን ይችላል፤ ዓይን እነሱ ላይ ስለሚያርፍ የጀርባው መንቀጥቀጥ አይረብሽም።

ኤዲት ላይ የሚጠፋው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ፕሮጀክቱ ውስጥ ቪዲዮ ከገባ በኋላ የፍሬሙን ቁጥር አያስቀይርም፤ ምንም ሳታስገቡ በፊት 25 አድርጉት። የሚቀዘቅዘውን ክሊፕ Clip Attributes ውስጥ ገብታችሁ 25 ስትሉት ሁሉም ምስል በተራው ይታያል። ፕሪምየር ላይ ይህ Interpret Footage ውስጥ ነው። እንዲህ ስታደርጉ ድምፁም አብሮ ስለሚጎተት ለእልልታው ዋናውን ክሊፕ ቅጂ በመደበኛ ፍጥነት አስቀሩት። ከ30 ፍሬም ስልክ የመጣ ክሊፕ 25 ታይምላይን ላይ ሲወድቅ ሶፍትዌሩ ከስድስት ምስል አንዱን ይጥላል። የቆመ ሰው ላይ አይታወቅም፤ የሚራመድ ሰው ላይ ግን በሰከንድ አምስት ጊዜ ትንሽ መንተርተር ይሰማችኋል። ሌላ መፍትሔ ከሌለ 30ውን በ25 አስኪዱት፤ ፍጥነቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል፤ ከንፈር የማይታይበት ቦታ ላይ በጣም ያምራል።

የ50 ኸርዙ ስሌት የማይሠራባቸው መብራቶችም አሉ። የዲጄው ቀለማማ ኤልኢዲና ከመድረኩ ጀርባ ያለው ትልቅ ስክሪን በራሳቸው ፍጥነት ይርገበገባሉ፤ 1/50 ላይም መስመር ሊያሳዩ ይችላሉ። ደህና ቪዲዮ መብራትና ጥሩ አምፖል ደግሞ በ1/200 እንኳ ንጹሕ ነው። ስለዚህ አዳራሽ ስደርስ፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ሁሉም መብራት እንዲበራልኝ እጠይቃለሁ። ነጩን ግድግዳ ወይም የጠረጴዛ ጨርቅ በ25 በ1/50፣ በ50 በ1/100 እና በ100 በ1/100 ጥቂት ጥቂት ሰከንድ እቀርፃለሁ። ቀጥታ ስክሪኑን ማየት አይበቃም፤ የተቀረፀውን መልሼ ከፍቼ አጉልቼ አያለሁ። ስክሪኑ ብቻ መስመር ካሳየ፣ ሸተሩን በጥቂት በጥቂቱ የሚቀይር ምርጫ ያለው ካሜራ ካለኝ መስመሩ እስኪቆም እቀይራለሁ። ከሌለኝ ስክሪኑን ከምስሉ ዳር አስወጣለሁ ወይም ሌንሱን ከፍቼ ከጀርባ እንዲደበዝዝ አደርጋለሁ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳም ፈተናውን እደግመዋለሁ። ጄኔሬተር ጭነት ሲበዛና ሲቀንስ ከ50 ኸርዝ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚል፣ በ100 ፍሬም ንጹሕ የነበረው አዳራሽ ቀለል ያለ የመርገብገብ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጄኔሬተር ላይ ስሆን 50 ፍሬም በ1/50 ይዤ 100ውን ለደጁ እተወዋለሁ።